የአምስት ፊደላት ዝውውርና ሰባቱ ነገዶቹ



ዛሬ የምናገርላችሁ ነገር ከአምስት ፊደላት አይወጣም፤ እነርሱም ከፊደል ገበታችን መጀመሪያ የምንወስዳቸው «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ»፣ «መ» እና «ሠ» ናቸው። እነዚህን አምስቱን በአምስት ስፍራ አኑረን፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፊደል ወደ አንድ ስፍራ እንዲሄድ፣ ሁለት ፊደላት ግን በአንድ ስፍራ እንዳይገናኙ ብናዝዝ፣ እንዲህ ያለው ትእዛዝ በስንት ዓይነት ሊሰጥ እንደሚችል መቁጠር አያስቸግርም። «ሀ» ከአምስቱ ስፍራ የወደደውን ይመርጣል፤ «ለ» ከቀሩት ከአራቱ፣ «ሐ» ከሦስቱ፣ «መ» ከሁለቱ ይመርጣሉ፤ «ሠ» ግን ምርጫ ስለማይቀርለት የተረፈውን አንዱን ይወስዳል። ስለዚህ የትእዛዞቹ ብዛት 5 × 4 × 3 × 2 × 1 = 120 ይሆናል። ሊቃውንተ ሒሳብ እያንዳንዱን ትእዛዝ ፐርሙቴሽን፣ የ120ዎቹንም ማኅበር ሲሜትሪክ ግሩፕ ይሉታል፤ እኔ በዚህ ንግግር አንዱን ትእዛዝ ዝውውር፣ ሁሉንም በአንድነት ጉባኤ እላቸዋለሁ። ጉባኤ መባላቸውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዱን ዝውውር ፈጽመን ሌላውን ብናስከትልበት የሚገኘው ከዚያው ከ120ው አንዱ ነውና፤ እያንዳንዱም ዝውውር የሠራውን የሚያፈርስና ሁሉን ወደ ቀድሞ ስፍራው የሚመልስ ተቃራኒ በዚያው ጉባኤ ውስጥ አለው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እነዚህ 120 ዝውውሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ ያላቸው ናቸውን፣ ወይስ ብዙዎቹ በፊደላቱ ስም ብቻ ተለያይተው በጠባያቸው አንድ ናቸው? መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁና ምክንያቱን በኋላ በዝርዝር ላስረዳ፤ 120ዎቹ በሰባት ነገዶች ይጠቃለላሉ፤ የአንዱ ዝውውር ነገድ የትኛው እንደሆነ ለማወቅም የዑደቶቹን ርዝመት መመልከት ብቻ ይበቃል።

ዑደት ያልሁት ምን እንደሆነ በምሳሌ እናያለን። ከ120ው አንዱን እንውሰድ፤ ትእዛዙም ይህ ይሁን፦

ሀ → ሐ፣ ለ → ሠ፣ ሐ → መ፣ መ → ሀ፣ ሠ → ለ

በዚህ ዓይነት ተጽፎ ሲታይ ድብልቅልቅ ያለ ይመስላል። ነገር ግን «ሀ»ን ተከትለን ብንሄድ፣ «ሀ» ወደ «ሐ»፣ «ሐ» ወደ «መ»፣ «መ»ም ተመልሶ ወደ «ሀ» ሲሄድ እናገኘዋለን፤ በዚህም አንዱ ዙር ተዘጋ። ከዚያ ያልተነካውን «ለ»ን ይዘን ብንነሣ፣ «ለ» ወደ «ሠ»፣ «ሠ» ወደ «ለ» ይሄዳልና ሁለተኛው ዙር ይዘጋል። ስለዚህ ያ ድብልቅልቅ ትእዛዝ (ሀ ሐ መ)(ለ ሠ) ተብሎ በአጭሩ ይጻፋል፤ ትርጓሜውም በአንድ ቅንፍ ውስጥ ያለ ፊደል ሁሉ ወደ ጎረቤቱ፣ የመጨረሻው ደግሞ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል ማለት ነው። ዙሩ ሁልጊዜ በተነሣበት ፊደል ላይ እንጂ በመካከል በአንዱ ላይ ሊዘጋ አይችልም፤ በመካከል ቢዘጋ ሁለት ፊደላት ወደ አንድ ስፍራ ሄዱ ማለት ይሆናልና፤ ይህንንም በመጀመሪያ ከልክለናል። እንግዲህ ማናቸውም ዝውውር አንዱ ከሌላው ፊደል በማይጋራ ዑደቶች ይከፈላል፤ ከስፍራው የማይነቃነቅም ፊደል ቢኖር ርዝመቱ 1 የሆነ ዑደት ብለን እንቆጥረዋለን። ይህን አጻጻፍ ያስለመደው ፈረንሳዊው ሊቅ ኦግስታን ሉዊ ኮሺ ሲሆን፣ ስለ ዝውውሮች የጻፋቸው ድርሳናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1815 ጀምሮ ታትመዋል።

አሁን ሁለት ዝውውሮች በስም ብቻ ተለያይተው በጠባይ አንድ ናቸው የምንለው መቼ እንደሆነ እንወስን። አንድ ሰው በዓለም ስሙም በክርስትና ስሙም ቢጠራ ያው አንዱ ሰው እንደሆነ፣ በዓለም ስሙ የተነገረው ዝምድናው ሁሉ በክርስትና ስሙ ቢነገርም እንደማይለወጥ ሁሉ፣ የአምስቱን ፊደላት ስም ብንለውጥና ትእዛዙን በአዲሱ ስም ብናነበው የትእዛዙ ጠባይ አይለወጥም። ይህ የስም ለውጥ ራሱ ከ120ዎቹ ዝውውሮች አንዱ መሆኑን ግን ልብ በሉ፤ ለእያንዳንዱ ፊደል ሌላ ፊደል ስም አድርጎ መስጠት፣ ሁለት ፊደላትን በአንድ ስም ሳይጠሩ፣ ዝውውር ማለት ነውና። ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ይፈጸማል፤ በአዲስ ስሙ የተጠራውን ፊደል መጀመሪያ ወደ ቀድሞ ስሙ እንመልሰዋለን፣ ከዚያ ዋናውን ዝውውር እናስፈጽመዋለን፣ በመጨረሻም የደረሰበትን ፊደል ወደ አዲሱ ስም እናሻግረዋለን። በዚህ መንገድ አንዱ ከሌላው የተገኘ ሁለት ዝውውሮችን ዘመዳሞች፣ ዘመዳሞቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበትንም ክፍል ነገድ እንላለን።

ምሳሌውን በእጃችን እንሥራው። ዋናው ዝውውር (ሀ ለ ሐ)(መ ሠ) ይሁን፤ የስም መዝገቡም እንዲህ ይሁን፦

ሀ → መ፣ ለ → ሀ፣ ሐ → ሠ፣ መ → ለ፣ ሠ → ሐ

በአዲሱ ስም «መ» የተባለው በቀድሞ ስሙ «ሀ» ነበር፤ ዋናው ዝውውር «ሀ»ን ወደ «ለ» ይወስደዋል፤ የ«ለ» አዲስ ስም ደግሞ «ሀ» ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ዝውውር «መ»ን ወደ «ሀ» ይወስደዋል። በዚሁ መንገድ ቀጥለን ብንፈትሽ «ሀ» ወደ «ሠ»፣ «ሠ» ወደ «መ»፣ «ለ» ወደ «ሐ»፣ «ሐ»ም ወደ «ለ» ይሄዳሉ፤ አዲሱ ዝውውር እንግዲህ (መ ሀ ሠ)(ለ ሐ) ነው። እዚህ ላይ የምናየው ነገር እጅግ ግልጥ ነው፤ ያን ሁሉ ወደ ኋላና ወደ ፊት መመላለስ ሳንደክምበት፣ ቅንፎቹን እንዳሉ ትተን በውስጣቸው ያሉትን ፊደላት ብቻ እንደ መዝገቡ ብንለውጣቸው ያንኑ መልስ እናገኝ ነበር። ቅንፎቹ ካልተነኩ ደግሞ ርዝመታቸው አይለወጥም፤ ስለዚህ ዘመዳሞች የሆኑ ዝውውሮች ሁሉ የዑደታቸው ርዝመት አንድ ዓይነት ነው።

ተገላቢጦሹም እውነት ነው፤ የነገሩም ኃይል ያለው በዚህ ነው። የዑደታቸው ርዝመት አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት ዝውውሮች ቢሰጡን፣ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች፣ ረጅሙን ቅንፍ በረጅሙ አጭሩንም በአጭሩ ትይዩ አድርገን እንጽፋቸዋለን፤ ከዚያም እያንዳንዱን የላይኛውን ፊደል ከሥሩ ወዳለው ፊደል ብናሻግረው፣ አንዱን ዝውውር ወደ ሌላው የሚለውጠው የስም መዝገብ ተገኘ ማለት ነው። መዝገቡን ከ120ው መካከል በመፈተን መፈለግ አያስፈልገንም፤ ከጽሕፈቱ ላይ በቀጥታ ይነበባል። እንግዲህ አንድ ርዝመት ያላቸው ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው፤ ርዝመታቸው የተለየ ደግሞ ከቶ ዘመዳሞች ሊሆኑ አይችሉም።

ይህ ከተረጋገጠ ዘንድ ነገዶቹን መቁጠር ማለት አምስትን በድምር የመክፈያ መንገዶችን መቁጠር ማለት ነው፤ የዑደቶቹ ርዝመት ሲደመር አምስት መሆን አለበትና። ከትልቁ ወደ ትንሹ እየወረድን ብንጽፋቸው 5፤ 4+1፤ 3+2፤ 3+1+1፤ 2+2+1፤ 2+1+1+1፤ 1+1+1+1+1 እናገኛለን፤ ሰባት ናቸው፣ ስምንተኛም የለም። እዚህ ላይ ከአንድ ፈጣን ግምት መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ሦስት ፊደላት ሦስት ነገድ፣ አራት ፊደላት አምስት ነገድ፣ አምስት ፊደላት ሰባት ነገድ ስላላቸው ስድስት ፊደላት ዘጠኝ ነገድ ይኖራቸዋል የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ስድስትን በድምር የመክፈያው መንገድ 11 ነውና። ቁጥሩም ከዚያ በኋላ በፍጥነት እየበዛ ይሄዳል፤ ለአሥር ፊደላት 42 ይደርሳል።

ነገዶቹ ሰባት መሆናቸውን አወቅን፤ በእያንዳንዱ ነገድ ውስጥ ስንት ዝውውር እንዳለ ግን ገና አላወቅንም። ለዚህ ሁሉ የሚያገለግል አንድ መንገድ አለ። የነገዱን ቅንፎች ባዶአቸውን እናስቀምጣለን፤ ለምሳሌ ለ3+2 ነገድ ሦስት ስፍራ ያለው አንድ ቅንፍና ሁለት ስፍራ ያለው አንድ ቅንፍ ይሆናሉ። አምስቱን ፊደላት በእነዚህ አምስት ባዶ ስፍራዎች የምንሞላበት መንገድ 120 ነው። ነገር ግን ከነዚህ 120 ጽሕፈቶች ብዙዎቹ ያንኑ አንዱን ዝውውር ይናገራሉ፤ (ሀ ለ ሐ) ብንል፣ (ለ ሐ ሀ) ብንል፣ (ሐ ሀ ለ) ብንል ልዩነት የለውም፤ ዙሩ ከየትኛውም ፊደል ቢጀመር ያው ዙር ነውና። ስለዚህ የሦስቱ ቅንፍ በ3 መንገድ፣ የሁለቱ ቅንፍ በ2 መንገድ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ዝውውርም በ3 × 2 = 6 ጽሕፈት ተደጋግሞ ይገኛል። እንግዲህ የነገዱ ብዛት 120 ÷ 6 = 20 ነው።

በዚሁ መንገድ ሌሎቹን እንቍጠራቸው። አምስቱም ፊደላት በአንድ ዑደት ሲዞሩ፣ ዑደቱ ከአምስቱ ፊደላት ከማናቸውም ሊጀመር ስለሚችል 120 ÷ 5 = 24 ዝውውሮች አሉ። አራቱ ዞረው አንዱ በስፍራው ሲቀር 120 ÷ 4 = 30 ናቸው። ሦስቱ ዞረው ሁለቱ በስፍራቸው ሲቀሩ፣ ዑደቱ በ3 መንገድ ይጻፋል፤ በስፍራቸው የቀሩትም ሁለቱ ፊደላት ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ ቢጻፍ ለውጥ የለውምና በ2 መንገድ ይጻፋሉ፤ ስለዚህ 120 ÷ 6 = 20 ይሆናሉ። ሁለቱ ብቻ ስፍራ ተለዋውጠው ሦስቱ ሲቀሩ፣ ልውውጡ በ2፣ የቀሩት ሦስቱ በ6 መንገድ ስለሚጻፉ 120 ÷ 12 = 10 ይሆናሉ። ሁሉም በስፍራው የሚቀርበት ዝውውር ግን አንድ ብቻ ነው።

የቀረው 2+2+1 ሲሆን፣ ብዙ ተማሪዎች የሚሰናከሉበትም በዚህ ነው። ሁለት ጥንዶች አሉ፤ እያንዳንዱም ጥንድ በ2 መንገድ ይጻፋልና 2 × 2 = 4 ብሎ 120ን ለ4 አካፍሎ 30 ማለት ቀላል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው (ሀ ለ)(ሐ መ) እና (ሐ መ)(ሀ ለ) አንድ ዝውውር መሆናቸውን ከመርሳት ነው፤ ሁለቱ ቅንፎች እኩል ርዝመት ስላላቸው እርስ በርሳቸውም ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ስለዚህ ማካፈል የሚገባን ለ2 × 2 × 2 = 8 ነው፤ የነገዱም ብዛት 15 ነው። ይህን ስሕተት የሠራ ሰው ግን ሳይታወቅበት አያልፍም፤ የሰባቱ ነገዶች ድምር 120 መሆን ስላለበት፣ በ15 ፈንታ 30 ያለ ሰው 135 አግኝቶ ስሕተቱን ራሱ ያያል። እውነተኛው ቈጠራ እንዲህ ነው፦

1 + 10 + 15 + 20 + 20 + 30 + 24 = 120

በዚህ መዝገብ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛው፣ 3+1+1 እና 3+2 የተባሉት ሁለቱ ነገዶች እያንዳንዳቸው 20 ቢሆኑም ዘመዳሞች አይደሉም፤ የመጀመሪያው ሦስት ጊዜ ቢደገም ሁሉን ወደ ስፍራው ይመልሳል፤ ሁለተኛው ግን የሦስቱም ዑደት የሁለቱም ዑደት በአንድነት እስኪዘጉ ድረስ ስድስት ጊዜ መደገም አለበት። ሁለተኛው፣ ይህ የመደጋገም ቁጥር ራሱ ነገድን ለመለየት አይበቃም፤ ጥንድ ልውውጥ ያለባቸው 10ሩም፣ ሁለት ጥንዶች ያሉባቸው 15ቱም ሁለት ጊዜ ቢደገሙ ሁሉን ይመልሳሉ፤ ነገዳቸው ግን የተለያየ ነው። ፍጹም የሆነው መለያ የዑደቶቹ ርዝመት ብቻ ነው።

ክቡራን ሆይ፤ ይህ ሕግ ግን የሚሠራው በሙሉው በ120ው ጉባኤ ውስጥ ሲሆን ነው። ጉባኤውን ብናጠብበው ሕጉ በአንድ ስፍራ ይሰበራል፤ ስብራቱም እጅግ የሚያስተምር ስለሆነ ልግለጸው። እያንዳንዱ ዝውውር ጥንድ በጥንድ እየተለዋወጠ ሊፈጸም ይችላል፤ የሦስት ዑደት በሁለት ልውውጥ፣ የአራት ዑደት በሦስት፣ የአምስት ዑደት በአራት ልውውጥ ይፈጸማል። የልውውጡ ቁጥር ተጋማሽ የሆነውን ተጋማሽ ዝውውር፣ ጎዶሎ የሆነውን ጎዶሎ ዝውውር እንለዋለን፤ አንዱም ዝውውር በአንድ ጊዜ ሁለቱን ሊሆን አይችልም። ተጋማሾቹ 1 + 15 + 20 + 24 = 60፣ ጎዶሎዎቹም 10 + 20 + 30 = 60 ናቸው። ተጋማሽ በተጋማሽ ላይ ቢከተል ተጋማሽ ስለሚገኝ 60ዎቹ ተጋማሾች ለብቻቸው ጉባኤ ሆነው ይቆማሉ።

በዚህ በጠበበው ጉባኤ ውስጥ የስም መዝገቡም ተጋማሽ መሆን አለበት፤ ጎዶሎ መዝገብ የጉባኤው አባል አይደለምና። አሁን (ሀ ለ ሐ መ ሠ)ን እና ይኸው ዝውውር ሁለት ጊዜ ሲደገም የሚገኘውን (ሀ ሐ ሠ ለ መ)ን እንመርምር። አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች ጽፈን መዝገቡን ብናነበው «ሀ» በስፍራው ሲቀር «ለ» ወደ «ሐ»፣ «ሐ» ወደ «ሠ»፣ «ሠ» ወደ «መ»፣ «መ» ወደ «ለ» ይሄዳሉ፤ ይህም የአራት ዑደት ስለሆነ ጎዶሎ ነው። የላይኛውን ጽሕፈት ከሌላ ፊደል ጀምረን ሌላ መዝገብ ልናገኝ እንችላለን፤ መዝገቦቹም በጠቅላላው አምስት ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ከሌላው የሚለየው ዑደቱን በማዞር ብቻ ነው፤ ማዞሩ ደግሞ ተጋማሽ ነውና ጎዶሎውን ወደ ተጋማሽ አይለውጠውም። አምስቱም መዝገቦች ጎዶሎ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ በሰፊው ጉባኤ ዘመዳሞች የነበሩ፣ በጠባቡ ጉባኤ ዘመድነታቸው ይቀራል፤ የ24ቱ ነገድም 12 እና 12 ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። የ20ው የሦስት ዑደት ነገድ ግን አይከፈልም፤ በስፍራቸው የቀሩትን ሁለቱን ፊደላት መለዋወጥ ጎዶሎ ሆኖ ሳለ ዝውውሩን ስለማይነካው፣ ጎዶሎ መዝገብ ቢያጋጥመን ይህን ልውውጥ ጨምረን ተጋማሽ እናደርገዋለን። በ15ቱም እንዲሁ ነው፤ የአንዱን ጥንድ ሁለት ፊደላት መለዋወጥ ዝውውሩን ሳይነካ መዝገቡን ያስተካክላል።

እንግዲህ የ60ው ጉባኤ ነገዶች 1፣ 12፣ 12፣ 15 እና 20 ናቸው። ከእነዚህ አምስት ቁጥሮች የሚወጣው ነገር ከአውሮፓ ሊቃውንት ታላቅ ጥያቄ ጋር የተያያዘ ነው። የሁለተኛውን፣ የሦስተኛውንና የአራተኛውን ደረጃ እኩልታ በመደመር፣ በማባዛትና ሥር በማውጣት የሚፈታ ሕግ ከተገኘ በኋላ የአምስተኛው ደረጃ ሕግ ሲፈለግ ዘመናት አለፉ። ላግራንዥ በ1770ዎቹ ዓመታት መግቢያ ላይ ጥያቄውን ወደ እኩልታው ሥሮች ዝውውር መለሰው፤ ጣሊያናዊው ሩፊኒ በ1799 እንደማይቻል ለማስረዳት ሞከረ፤ ኖርዌጃዊው አቤል በ1824 አስረዳ፤ በ1832 በሃያ ዓመቱ የሞተው ፈረንሳዊ ኤቫሪስት ጋልዋም ምክንያቱን ከሥሩ ገለጠ፤ ጽሑፉን ሊዩቪል በ1846 አሳተመለት። ጋልዋ ያሳየው፣ እኩልታው በሥር ማውጣት እንዲፈታ የሥሮቹ ጉባኤ፣ ማለት በሥሮቹ መካከል ያለውን የቁጥር ዝምድና የማያፈርሱት ዝውውሮች ማኅበር፣ በደረጃ እየጠበበ መውረድ እንዳለበት ነው፤ በየደረጃው የሚገኘው ጠባብ ጉባኤም ከበላዩ ባለው ጉባኤ የስም ለውጥ ቢደረግበት የማይናወጥ መሆን አለበት። ስም ሲለወጥ የማይናወጥ ጉባኤ ደግሞ ነገድን በሙሉ ይይዛል ወይም በሙሉ ይተዋል እንጂ ከነገድ ግማሹን ሊወስድ አይችልም።

አሁን ቁጥሩ ራሱ ይፈርዳል። ከ60ው ውስጥ የሚወጣ እንዲህ ያለ የማይናወጥ ጠባብ ጉባኤ ሁሉን በስፍራው የሚተወውን አንዱን መያዝ አለበት፤ ብዛቱም 60ን ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት፤ ከ60 ካነሰም ከ30 አይበልጥም። በ1 ላይ ነገዶችን እየጨመርን ከ30 የማያልፈውን ድምር ሁሉ ብንሰበስብ 13፣ 16፣ 21፣ 25 እና 28 ብቻ እናገኛለን፤ ከእነዚህም 60ን ያለ ቀሪ የሚያካፍል አንድ ስንኳ የለም። ስለዚህ ከ120 ወደ 60 የሚያወርደው ደረጃ አለ፤ ከ60 በታች ግን እስከ 1 ድረስ መካከለኛ ደረጃ የለም፤ 60 ደግሞ በአንድ ሥር ማውጣት የሚታለፍ ደረጃ አይደለም፤ በአንዱ ሥር ማውጣት የሚታለፈው ደረጃ ከራሱና ከአንድ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ሊሆን ይገባዋልና።

ይህ ማለት የአምስተኛው ደረጃ እኩልታ ሁሉ አይፈታም ማለት እንዳልሆነ ደግሞ አትርሱ። x⁵ − 2 = 0 የተባለው እኩልታ የሥሮቹ ጉባኤ 20 ዝውውሮች ብቻ ያሉት ስለሆነ በሥር ማውጣት ይፈታል። x⁵ − x − 1 = 0 ግን ምንም በመልኩ እጅግ ቀላል ቢሆን፣ የሥሮቹ ጉባኤ ዛሬ የቈጠርነው ሙሉው የ120ው ጉባኤ ነው፤ ስለዚህ ሥሮቹን በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት፣ በማካፈልና ሥር በማውጣት ብቻ ሊጽፋቸው የሚችል የለም፤ የሚከለክለውም ወደፊት በሚገኝ ብልሃት የሚወገድ እንቅፋት ሳይሆን፣ 12 እና 12፣ 15 እና 20 ከአንድ ጋር እንዴትም ቢደመሩ ከ60 በታች የ60 አካፋይ አለመሆናቸው ነው።